ለፈተና የመጽሐፍ ወይም የፊልም ግምገማ ስትጽፉ፦ ሚዛኑን የሚይዘው ማሰሪያ አንቀጹ ነው

የፈተና ወረቀት ሳርም ደጋግሞ የሚያጋጥመኝ ጽሑፍ አለ። ተማሪው የመጽሐፉን ርእስና የደራሲውን ስም ይጽፋል፤ ከዚያ ታሪኩን ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀምሮ መተረክ ይጀምራል። ገጽ ተኩል ያህል ይተርካል። ሰዓቱ ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ደንገጥ ብሎ «በአጠቃላይ መጽሐፉ በጣም ጥሩና አስተማሪ ነው፤ ነገር ግን አንዳንድ ድክመቶች አሉት፤ ሁሉም ሰው ቢያነበው እመክራለሁ» ብሎ ይዘጋዋል። ይህ ተማሪ መጽሐፉን በእርግጥ አንብቧል። እጅ ጽሑፉ ይነበባል፣ ሰዋስዉም ደህና ነው። ሆኖም ከግማሽ በታች ያገኛል፤ የተጠየቀው ታሪኩን ሳይሆን ፍርዱን ነበርና። በወረቀቱ ላይ ፍርድ ያለባት የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ብቻ ናት፤ እሷም በየትኛውም መጽሐፍ ላይ ብትለጠፍ የምትሄድ ናት።

ከዚህ በታች ይህን ዓይነት ጥያቄ ከመጀመሪያው ደቂቃ እስከ መጨረሻው እንዴት እንደሚሠራ አሳያለሁ። ለምሳሌ የያዝኩት የሐዲስ ዓለማየሁን ‹ፍቅር እስከ መቃብር› ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመ መጽሐፍ ነው፤ ያላነበበውም ብዙ ሰው በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሲተረክ ሰምቶታል። ስለዚህ የምለውን ከምታውቁት ጋር ማመሳከር አይቸግራችሁም።

ጥያቄው እንዲህ የሚል ነው እንበል፦ «በትምህርት ቤታችሁ መጽሔት ላይ የሚወጣ የአንድ ልቦለድ ወይም ፊልም ግምገማ ጻፉ። ሥራው በምን እንደተሳካለትና በምን እንደደከመ አሳዩ። በእናንተ ዕድሜ ላሉ አንባብያን ትመክሩት እንደሆነም ግለጹ። ከ180 እስከ 220 ቃላት።» የተሰጣችሁ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው።

አንደኛ፦ ጥያቄውን ቁጠሩት

እርሳሳችሁን አንሡና ጥያቄው ስንት ነገር እንደጠየቀ ቁጠሩ። ከላይ ያለው ጥያቄ ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ የተሳካውን፣ የደከመውን፣ ምክሩን። አራተኛ ነገርም በውስጡ ተሰውሯል፤ አንባቢው ማን እንደሆነ ነግሯችኋል። የትምህርት ቤት መጽሔት የሚያነበው ተማሪ መጽሐፉን ገና አላነበበውም። ስለዚህ ፍጻሜውን ልትነግሩት አይገባም፤ ማን እንደጻፈውና ስለ ምን እንደሆነ ግን ልትነግሩት ይገባል። አራሚው ወረቀታችሁን ሲያነብ መጀመሪያ የሚያየው እነዚህ መመለሳቸውን ነው። አንዱ ከጎደለ የቀረው የቱንም ያህል ቢያምር ጉድለቱን አይሞላውም። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ደግሞ ምክሩ ነው፤ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ሰዓት ይበላዋል።

ሁለተኛ፦ የምትጽፉበትን ሥራ በሦስት ነገር ፈትኑት

ብዙ ተማሪ የሚመርጠው ታላቅ የሚባለውን መጽሐፍ ነው። ለፈተና የሚበጀው ግን በደንብ የምታስታውሱት ነው። በጥያቄ ወረቀቱ ጥግ ላይ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሦስት ነገር ለመጻፍ ሞክሩ፦ ስሙን በትክክል የምታስታውሱት አንድ ገጸ ባሕርይ፣ በዓይናችሁ የሚታያችሁ አንድ ትዕይንት፣ ስታነቡ ያሰለቻችሁ ወይም ያልተዋጠላችሁ አንድ ነገር። ሦስቱም ከመጡ ጻፉበት። ሦስተኛው ካልመጣ ሌላ ፈልጉ። እንከን የማታዩበት ሥራ ወይ በጣም የምትወዱት ነው፣ ወይ የማታስታውሱት ነው፤ በሁለቱም ላይ ሚዛናዊ ግምገማ መጻፍ ይከብዳል።

እኔ በ‹ፍቅር እስከ መቃብር› ላይ ስሞክረው ይህን ጻፍኩ፦ «ጉዱ ካሣ፤ ፊታውራሪ መሸሻ ከገበሬዎቹ ጋር ሊዋጉ ሄደው መማረካቸው፤ ንግግሮቹ ይረዝማሉ።» ይህ ይበቃል።

ሦስተኛ፦ ፍርዳችሁን ከጽሑፉ በፊት ጻፉ

በዚህ ደረጃ ትንሽ ልቆይ፤ ወረቀቶች የሚበላሹት እዚህ ነውና። «ሚዛናዊ» የሚለውን ቃል ብዙዎቹ ተማሪዎች «እኩል» ብለው ይረዱታል። ሁለት ጥሩ ነገር፣ ሁለት መጥፎ ነገር፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ «ስለዚህ ጥሩም መጥፎም ጎን አለው» ይላሉ። እንዲህ ያለ ወረቀት ሚዛን አልያዘም፤ መፍረድን ሸሽቷል። የገበያ ሚዛን እንኳ የሚጠቅመው ወደ አንዱ ወገን ሲያዘነብል ነው። አመዛዝኖ መፍረድ ማለት ሁለቱንም ወገን ሰምቶ ወደ አንዱ ማዘንበል፣ ለምን እንዳዘነበሉም መናገር ማለት ነው።

ስለዚህ መጻፍ ከመጀመራችሁ በፊት አንዲት የፍርድ ዓረፍተ ነገር በረቂቁ ላይ አስቀምጡ። በዚህ ላይ አማርኛ ራሱ ያግዛችኋል። በአማርኛ ማሰሪያ አንቀጹ፣ ማለትም ዓረፍተ ነገሩን የሚዘጋው ግስ፣ መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ ክብደቱም እዚያው ያርፋል። እነዚህን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ጮክ ብላችሁ አንብቡ፦

«የገጸ ባሕርያቱ አነጋገር ሕያው ቢሆንም ንግግሮቹ ይረዝማሉ።»

«ንግግሮቹ ቢረዝሙም የገጸ ባሕርያቱ አነጋገር ሕያው ነው።»

በሁለቱም ውስጥ ያለው መረጃ አንድ ነው። የመጀመሪያውን የሰማ ግን መጽሐፉን አስቀምጦ ይሄዳል፤ ሁለተኛውን የሰማ ሊያነበው ይፈልጋል። በ«ቢ…ም» የታሰረው ሐሳብ የተፈቀደለት፣ የታመነለት ነገር ነው፤ በማሰሪያ አንቀጹ ላይ የወደቀው ደግሞ የእናንተ ፍርድ ነው። እንግዲህ ፍርዳችሁ የትኛው እንደሆነ ወስኑና ያንን መጨረሻ ላይ አድርጉ። ብዙ ተማሪዎች መጽሐፉን እየወደዱ «ጥሩ ቢሆንም ረጅም ነው» ብለው ይዘጉና በሚቀጥለው መስመር «ስለዚህ እመክረዋለሁ» ይላሉ። ሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች ይጋጫሉ። አራሚው ግጭቱን ወዲያው ያየዋል፤ ተማሪው ግን ለምን ነጥብ እንደተቀነሰበት አይገባውም።

የእኔ ምርጫ ሁለተኛው ነው፤ እሱን በረቂቄ ላይ ጽፌ ዙሪያውን አከብበዋለሁ። የምጽፈው ሁሉ ወደዚያች ዓረፍተ ነገር የሚያደርስ መሆን አለበት።

እስካሁን ያለው ሁሉ ከ10 ደቂቃ በላይ ሊወስድባችሁ አይገባም። ለመጻፍ 22 ደቂቃ፣ ለማረም 8 ደቂቃ ይቀራችኋል።

አራተኛ፦ ታሪኩን በሦስት ዓረፍተ ነገር አቁሙት

ታሪኩ አንባቢው ቀጥሎ የምትሉትን እንዲረዳ የሚያበቃውን ያህል ብቻ ይነገራል። ማን፣ የት፣ ምን ችግር ገጠመው፤ በቃ። ለ200 ቃላት ጽሑፍ ከ30 ቃላት አይለፍ። ግሱን በአሁን ጊዜ አድርጉት፤ «ተቀጠረ፣ ወደዳት፣ ሄደ» እያላችሁ በኃላፊ ጊዜ ከጀመራችሁ ተረት መተረክ ውስጥ ትገቡና መውጫው ይጠፋችኋል። «ይቀጠራል» ስትሉ ግን ከታሪኩ ውጭ ቆማችሁ እያሳያችሁ ነው።

ፍጻሜውን ደግሞ ተዉት። የ‹ፍቅር እስከ መቃብር› ርእስ ራሱ ግማሹን ይናገራል፤ ሰብለ ወንጌል ቤቷን ጥላ በዛብህን ፍለጋ ከወጣች በኋላ የሚሆነውን ግን አንባቢው ራሱ ይድረስበት።

አምስተኛ፦ ብርታቱን በማስረጃ ጻፉ

«ቋንቋው ውብ ነው»፣ «አስተማሪ ነው»፣ «ልብ የሚሰቅል ነው»። እነዚህ ሦስት አባባሎች በየወረቀቱ ይገኛሉ፤ ብቻቸውን ከቆሙ ምንም አይናገሩም። ለእያንዳንዱ ሁለት ጥያቄ አንሡ፦ የት ቦታ ላይ? ምንስ አደረገብኝ? መጽሐፉ አስተማሪ ከሆነ ምን አስተማራችሁ? ቀድሞ የማታውቁትን ምን አወቃችሁ?

አንድ ተማሪ «ጉዱ ካሣ በጣም ጥሩ ገጸ ባሕርይ ነው» ብሎ ጽፎ ነበር። «ለምን?» ብዬ በኅዳጉ ላይ ጻፍኩለት። በሁለተኛው ረቂቅ እንዲህ አለ፦ «ሰፈሩ እንደ እብድ የሚያየው ጉዱ ካሣ ከሁሉም በላይ ጤነኛ ነገር ይናገራል፤ ስለዚህ እያነበብኩ እብዱ ማን እንደሆነ ራሴን እጠይቅ ነበር።» ለውጡ ትልቅ ነው። የመጀመሪያውን ማንም ሊጽፈው ይችላል፤ ሁለተኛውን ግን ያነበበ ሰው ብቻ ነው የሚጽፈው። አራሚው የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

አንድ ብርታት በማስረጃ ከተጻፈ ይበቃል። አራት ብርታት መደርደር ቃላታችሁን ይጨርስባችኋል።

ስድስተኛ፦ ድክመቱ የሥራው መሆኑን አረጋግጡ

ድክመት ተብለው ከሚጻፉት ነገሮች ብዙዎቹ ድክመት አይደሉም። ደጋግመው የሚመጡትን ላሳያችሁ።

የመጀመሪያው «መጨረሻው ያሳዝናል» የሚለው ነው። አሳዛኝ ታሪክ ሊያሳዝን የተጻፈ ነው፤ ካሳዘነ ተሳክቶለታል። ሁለተኛው በገጸ ባሕርዩ ላይ መፍረድ ነው፤ «ፊታውራሪ መሸሻ ትዕቢተኛ ናቸው» ወይም «ሰብለ ወንጌል ወላጆቿን አልታዘዘችም» የሚል። የፊታውራሪ ትዕቢት የእሳቸው ጉድለት ነው፤ የመጽሐፉ አይደለም። እንዲያውም ያ ትዕቢት ሕያው ሆኖ ከታየን ለደራሲው ብርታት ነው። ይህ ስሕተት በጎበዝ ተማሪዎች ወረቀት ላይ እንኳ ስለሚገኝ አጥብቄ እናገረዋለሁ፤ የምትገመግሙት ሰዎቹ የተቀረጹበትን መንገድ እንጂ ምግባራቸውን አይደለም። ሦስተኛው የወረቀቱና የሽፋኑ ነገር ነው፦ ፊደሉ ደቃቅ ነው፣ ሽፋኑ ቶሎ ይቀደዳል። ይህ የማተሚያ ቤቱ ጉዳይ ነው።

እውነተኛውን ድክመት ለመለየት የምጠቀምበት መፈተኛ ቀላል ነው። «ይህ ነገር ቢቀር ወይም ቢለወጥ ሥራው ይሻሻል ነበር ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። አሳዛኙ ፍጻሜ ቢቀር ‹ፍቅር እስከ መቃብር› ይፈርሳል፤ ስለዚህ ድክመት አይደለም። የጉዱ ካሣ ረጃጅም ንግግሮች አጠር ቢሉስ? ሐሳቡ ሳይጎዳ ታሪኩ ይፈጥን ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ስለዚህ ድክመት ብዬ ልጽፈው እችላለሁ። ሌላ አንባቢ «አይደለም፣ የመጽሐፉ ነፍስ ያለው እዚያ ነው» ሊለኝ ይችላል። ይበል። አራሚው በእኔ እንዲስማማ አይጠበቅበትም፤ ምክንያቴ የሚቆም መሆኑን ነው የሚያየው።

እዚህ ላይ ጥሩ ግምገማን ከመካከለኛው የሚለይ አንድ ነገር አለ። ከተቻለ ድክመቱን ከብርታቱ ጋር አያይዙት። ጉዱ ካሣ የመጽሐፉ ድምቀት ነው፤ ደራሲው ስለሚወዱት ግን ረጅም ጊዜ እንዲናገር ይተዉታል። ብርታቱና ድክመቱ ከአንድ ምንጭ ይቀዳሉ ማለት ነው። እንዲህ ስትጽፉ ጽሑፉ ለሁለት አይከፈልም፤ «ጥሩ ጎኖች» እና «መጥፎ ጎኖች» የሚሉ ሁለት ዝርዝሮች መሆኑ ቀርቶ አንድ ሐሳብ ይሆናል።

ሰባተኛ፦ ምክሩን ለተወሰነ ሰው ስጡ

«ሁሉም ሰው ቢያነበው እመክራለሁ» ማለት ለማንም አለመምከር ነው። ድክመቱን ካገኛችሁ ምክሩ ከዚያው ይወጣል፤ ድክመቱን የሚታገሠው ማን ነው? የማይታገሠውስ? ‹ፍቅር እስከ መቃብር› የሚነሣው ከበዛብህ ወላጆች ታሪክ ነው፤ ሰብለ ወንጌልን ለማግኘት አንባቢው መታገሥ አለበት። ስለዚህ የጥንቱን ኑሮ ማወቅ ለሚወድ ተማሪ እመክረዋለሁ፤ የፍቅር ታሪክ ብቻ ለሚፈልግ ግን አስቀድሜ አስጠነቅቀዋለሁ።

ሙሉው መልስ

አሁን ሁሉንም አንድ ላይ ላድርገው። 200 ገደማ ቃላት ነው።

«ሁለት ሰዎች ይዋደዳሉ፤ የሚለያያቸው ግን አንድ ክፉ ሰው ሳይሆን የሚኖሩበት ሥርዓት ነው። የሐዲስ ዓለማየሁ ‹ፍቅር እስከ መቃብር› ከታተመበት ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ አንባቢ ያላጣው ይህን በማሳየቱ ይመስለኛል።

ታሪኩ የሚፈጸመው በጎጃም ነው። በዛብህ የድሃ ገበሬ ልጅና የቤተ ክህነት ተማሪ ነው፤ የባላባቱ የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ የሆነችውን ሰብለ ወንጌልን እንዲያስተምር ይቀጠራል። ፍቅራቸው ሲጀመር ችግራቸውም አብሮ ይጀመራል።

የመጽሐፉ ትልቁ ብርታት ገጸ ባሕርያቱ በንግግራቸው መለየታቸው ነው። ፊታውራሪ መሸሻ አፋቸውን ሲከፍቱ በዘራቸው የሚኮሩ ባላባት መሆናቸው ስማቸው ሳይጠራ ይታወቃል። ጉዱ ካሣ ደግሞ ሰው ሁሉ እንደ እብድ የሚያየው፣ ነገር ግን እውነቱን የሚናገር ሰው ነው። ደራሲው ትችታቸውን እብድ በተባለ ሰው አፍ ማስቀመጣቸው አንባቢውን ‹እብዱ ማን ነው?› እያለ እንዲያስብ ያደርገዋል።

ሆኖም ይኸው ብርታት አልፎ አልፎ ሸክም ይሆናል። ጉዱ ካሣ ስለ ሥርዓቱ መናገር ሲጀምር ንግግሩ ይረዝማል፤ የሚያዳምጠው ሰው ድርሻም ያንሳል። በእነዚህ ቦታዎች ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ ሳይሆን አንድ ሰው ትምህርት ሲሰጥ የምሰማ መስሎ ተሰምቶኛል። ከዚህም ሌላ መጽሐፉ ከበዛብህ ወላጆች ታሪክ ስለሚነሣ ፍቅሩን የሚጠብቅ አንባቢ ረጅም መንገድ ይሄዳል።

ንግግሮቹ ቢረዝሙም መጽሐፉን ሳልጨርስ ማስቀመጥ አልቻልኩም፤ የገጸ ባሕርያቱ ድምፅ ከታሪኩ ፍጻሜ በኋላም አብሮኝ ቆይቷል። የቀድሞው ዘመን ምን ይመስል እንደነበር ማወቅ ለሚፈልግ የአሥራ አንደኛና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሁሉ እመክረዋለሁ። የፍቅር ታሪክ ብቻ ፈልጎ የሚከፍተው ሰው ግን የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች በትዕግሥት ማለፍ ይኖርበታል፤ በየማታው አንድ አንድ ምዕራፍ እያለ ቢያነብ ይቀለዋል።»

አንዳንድ ነገር ልብ በሉ። መግቢያው «ዛሬ የምገመግመው መጽሐፍ» ብሎ አልጀመረም፤ ፍርዱን በሁለት መስመር ጠቆመ። ደራሲውና ዓመቱ ለብቻቸው አልተቀመጡም፤ በሐሳቡ ውስጥ ገብተዋል። የበዛብህና የሰብለ ወንጌል ፍጻሜ አልተነገረም። በመጨረሻው አንቀጽ መጀመሪያ ላይ ያለችው «ቢረዝሙም» ረቂቁ ላይ የተከበበችው ዓረፍተ ነገር ናት፤ የተሰወረ ነገር የለም። ድክመቱ አንቀጽ ሙሉ ተሰጥቶታል፤ ሆኖም ሚዛኑ ወዴት እንዳዘነበለ አንባቢው አይጠራጠርም።

መጽሐፉን ያልወደደ ተማሪ በዚሁ ቁሳቁስ ተቃራኒውን መጻፍ ይችላል። የሦስተኛውንና የአራተኛውን አንቀጽ ቦታ አይቀያይርም፤ የመጨረሻውን አንቀጽ ብቻ «የገጸ ባሕርያቱ አነጋገር ሕያው ቢሆንም ትምህርቱ ታሪኩን ይጫነዋል» ብሎ ይከፍተዋል፤ ምክሩንም ከዚያ ጋር ያስማማል። ለሁለቱም እኩል ነጥብ ልሰጥ እችላለሁ።

ፊልም ከሆነ

አካሄዱ አይለወጥም፤ ማስረጃው ግን ይለወጣል። በፊልም ላይ ማስረጃ የሚሆነው የታየና የተሰማ ነገር ነው፦ የተዋናዩ ፊት፣ ካሜራው የቆመበት ቦታ፣ ዝምታው፣ ሙዚቃው የገባበት ሰዓት። ታሪኩን ብቻ የሚገመግም ወረቀት ፊልሙን ሳያይ ከጓደኛው የሰማ ሰው ሊጽፈው ይችላል። የኃይሌ ገሪማን ‹ጤዛ› የመረጠ ተማሪ ለምሳሌ፣ ፊልሙ በጀርመን፣ በደርግ ዘመኗ አዲስ አበባና በገጠሩ መንደር መካከል ወዲያና ወዲህ እንደሚመላለስ መናገሩ አይቀርም። ያ ምልልስ የዋናውን ገጸ ባሕርይ የአንበርብርን የተሰበረ ትዝታ እንድንኖረው ያደርገናል፤ ለጥቂት ደቂቃ ዓይኑን ያነሣ ተመልካች ግን የትኛው ዘመን ላይ እንዳለ ይጠፋዋል። እዚህም ብርታቱና ድክመቱ ከአንድ ምንጭ ናቸው። የተዋናዮቹን ስም በትክክል ካላስታወሳችሁ የገጸ ባሕርዩን ስም ጻፉ፤ የተሳሳተ ስም ከመጻፍ ይሻላል።

ፈተናው በእንግሊዝኛ ከሆነ

ይህ ጥያቄ በካምብሪጅ ቢ2 ፈርስት ፈተናም ላይ ይመጣል። እዚያ የጽሑፍ ክፍሉ ለሁለት ጽሑፎች 80 ደቂቃ ይሰጣል፤ ግምገማው በሁለተኛው ክፍል ከሚቀርቡት ምርጫዎች አንዱ ሲሆን ከ140 እስከ 190 ቃላት ነው። የሚታረመውም በአራት መለኪያ ነው፦ በይዘት፣ ለአንባቢው በሚስማማ አጻጻፍ፣ በአደረጃጀትና በቋንቋ። ቋንቋው ከአራቱ አንዱ ብቻ ነው፤ ይህን ያላወቁ ተማሪዎች ከባድ ከባድ ቃላት ሲያድኑ ምክሩን ሳይጽፉ ሰዓቱ ያልቃል።

በአማርኛ የለመደ ተማሪ በእንግሊዝኛ ሲጽፍ የሚሳሳተው በቃል ቁጥር ነው። እኛ «አልነገረችኝም» ስንል አንድ ቃል ነው፤ በእንግሊዝኛ አምስት ይሆናል። ከላይ ያለው የ200 ቃል መልስ እንዳለ ቢመለስ ከገደቡ በብዙ ያልፋል። ስለዚህ ለእንግሊዝኛው ከሁለቱ ድክመቶች አንዱን ጣሉ፤ የወላጆቹ ታሪክ ይቅርና የንግግሮቹ ርዝመት ይቆይ።

የመጨረሻዎቹ 8 ደቂቃዎች

ከላይ እስከ ታች አንድ ጊዜ ብቻ ማንበብ አያዋጣም፤ ዓይን የጻፈውን ያምናልና። እኔ ተማሪዎቼን የማስለምዳቸው ሦስት ጊዜ እንዲያልፉበት ነው፤ በእያንዳንዱ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እየፈለጉ።

በመጀመሪያው ስሞቹን ተመልከቱ። ‹ካሣ› ብላችሁ ከጀመራችሁ መጨረሻ ላይ ‹ካሳ› አይሁን፤ ‹ሐዲስ› ያላችሁትን በሌላ መስመር ‹ሀዲስ› አትበሉት። በሁለተኛው አክብሮቱን ተመልከቱ። ደራሲውን «አሳይተዋል» ብላችሁ በሚቀጥለው አንቀጽ «አስረዝሞታል» ካላችሁ ጽሑፉ ይንገዳገዳል። ለደራሲው አንቱታ፣ ለበዛብህና ለሰብለ ወንጌል አንተና አንቺ፣ ለፊታውራሪ ደግሞ እንደ ማዕረጋቸው አንቱታ፤ አንዴ ከመረጣችሁ እስከ መጨረሻው ያዙት። በሦስተኛው «እጅግ»ን፣ «በጣም»ን እና «አስተማሪ»ን ፈልጉ። በእያንዳንዱ ላይ እርሳሳችሁን አኑሩና ቃሉን ብታወጡት ዓረፍተ ነገሩ ምን እንደሚያጣ እዩ። ምንም ካላጣ ሰርዙት፤ በተገኘው ቦታ ላይ ያንን ያያችሁትን ትዕይንት በአንድ ቃል አጉሉት።